«ጨምሪበት» ይብቃን!

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አክስቴ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ወጥ ቤት ስገባ አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ውስጡ 2 ኪሎ የበሬ ሥጋ አለ ተባልኩ። «ተባልኩ» ያልኩት ሥጋውን ስላላየሁት ነው። የሚታየው ቀይ ጭቃ ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ምን ምን አለበት?» አልኳት።

«የሌለበትን ብትጠይቂኝ ይቀለኛል» አለችኝ፣ በኩራት።

እውነቷን ነው። የ5 ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ ብርጭቆ ቀይ ወይን፣ 4 የሾርባ ማንኪያ አዋዜ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል የተፈጨ ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ የጥብስ ቅጠል፣ 3 ኩብ የሾርባ ቅመም፣ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ተለውሶ አድሯል።

ከዚያ መጥበሻው ጋለና ሥጋው ገባ። ለመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ደስ የሚል የጥብስ ድምፅ ተሰማ። ወዲያው ግን ድምፁ ተቀየረ፤ መጥበሻው የድስት ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሥጋው ውሃውን ለቅቆ በራሱ ጭማቂና በማሪኔቱ ውስጥ ይቀቀል ገባ። መልኩም ግራጫ ሆነ። ውሃው አልቆ ሊጠበስ ሲል ደግሞ አዋዜው ከመጥበሻው ሥር ተጣብቆ አረረ፣ ቤቱን በሙሉ አስነጠሰን። ገበታ ቀርቦ ስንቀምሰው ላዩ ይመራል፣ ይኮመጥጣል። ውስጡ ደረቅና ጨዋማ ነው፤ የሥጋ ጣዕም የሚባል ነገር የለውም። ጎበዝ፣ 2 ኪሎ ሥጋ እኮ ነው!

የአጎቴ ብይን ምን እንደነበር ገምቱ። «ቅመሙ በደንብ አልገባውም። በሚቀጥለው ጨምሪበት።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህቺ «ጨምሪበት» የምትባል ቃል ናት። በየቤቱ ሥጋ በተበላሸ ቁጥር የምትሰጠው ፍርድ እሷ ስለሆነች። ፍርዱ ደግሞ የሚወድቀው ሁልጊዜ «ሙያ የላትም» በምትባለዋ ሴት ላይ ነው። አክስቴ ሙያ አላጣችም። ያጣችው ልክ የሚነግራት ሰው ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብላችሁ ጠይቁ ተብለናል። የምግብ ዝግጅት አቅራቢዎቻችን አብዛኛዎቹን ይመልሳሉ። «ስንት?» ላይ ሲደርሱ ግን «እንደ ፍላጎትዎ» ብለው ያልፋሉ። ፍላጎቴን ባውቀው ኖሮ መች እጠይቃቸው ነበር?

እንግዲህ እኔ የምለው ይህን ነው። ሥጋ ላይ የምናደርጋቸው ነገሮች ሁሉ በአንድ ዓይነት መለኪያ አይለኩም። ጨው የሚለካው በኪሎ ነው። ቅመም የሚለካው በሥጋው ገጽ ስፋት ነው። ሎሚ የሚለካው በሰዓት ነው። ሦስቱን አደባልቀን «በዛ ካለ ይጣፍጣል» ስንል ነው የሚበላሽብን።

ከጨው እንጀምር። በጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ከነበረው ሁሉ በእርግጥ ወደ ሥጋው መሀል የሚገባው ጨው ነው። መጀመሪያ ከሥጋው ውሃ ይስባል። ጨው ነስንሳችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ብታዩት ሥጋው አልቦት ታገኙታላችሁ። ከዚያ ጨው በዚያው ውሃ ይሟሟና ቀስ እያለ ተመልሶ ይገባል። ከገባ በኋላ የሥጋውን ፕሮቲን በከፊል ስለሚያላላው ሥጋው እሳት ላይ ሲወጣ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል። አስቀድሞ ጨው ያገኘ ሥጋ ለስላሳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጨው ወይ ሥጋው መጥበሻ ላይ ሊወርድ ሲል ይነስነስ፣ ወይ ቢያንስ ከ40 ደቂቃ በፊት። መካከሉ ላይ፣ ማለትም ሥጋው ላብ በላብ ሆኖ ሳለ መጥበስ፣ ከሁሉም የከፋው ጊዜ ነው።

ልኩስ? አጥንት ለሌለው 1 ኪሎ ሥጋ ከ10 እስከ 12 ግራም ጨው ለአብዛኛው ሰው ምላስ ልክ ነው። 15 ግራም ጨው ለሚወድ ሰው ነው። ሚዛን የሌላችሁ አትጨነቁ፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ሥጋ 2 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው ማለት ነው። «ልሙጥ» ስል ከላይ በቢላዋ ጀርባ የተጠረገ ማለቴ ነው፤ ክምር ማንኪያ ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ሳህን እንመለስና ሒሳቧን እንሥራ። 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው 36 ግራም ገደማ ነው። ሶያ ሶስ በራሱ ጨዋማ ነው፤ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ከ2 ግራም በላይ ጨው ይይዛል። ስለዚህ 3ቱ ማንኪያ 7 ግራም ያህል ጨመሩ። የሾርባ ኩብ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። 4 ግራም የሚመዝኑት 3ቱ ኩቦች ሌላ 6 ግራም አመጡ። ተደምሮ 49 ግራም ሆነ። የአዋዜውንና የሰናፍጩን ጨው ገና አልቆጠርኩም፤ እሱን ስንጨምር ከ50 ያልፋል። ለ2 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 25 ግራም ነው፤ ከልኩ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

አክስቴ ግን ጨው ያደረገችው አንዴ ብቻ ነው። በሶያ ሶሱ፣ በኩቡ፣ በአዋዜው ጨው እንደጨመረች አታውቅም። የብዙዎቻችን ስህተት እዚህ ላይ ነው። የቤታችን በርበሬና ሚጥሚጣ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። «ቅመም ጨመርኩ» ስንል ጨው እየጨመርን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ከዚያ ሥጋ ሩብ ኪሎ የደረሰው ሰው፣ መጥበሻው ላይ የቀረውን ብንቀንስለት እንኳ፣ የቀን ድርሻውን በአንድ መቀመጫ ጨረሰ። አጎቴ ደግሞ ግፊት አለበት።

እዚህ ላይ «ታዲያ ቋንጣስ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቋንጣ ላይ ጨው የሚበዛው ሥራ ስላለው ነው። ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ጠጥቶ፣ ተሰቅሎ እንዲደርቅ ነው የሚፈለገው። ውሃው ካልወጣ ይበሰብሳል። ጥብስ ላይ ግን ዓላማችን ተቃራኒው ነው፤ ውሃው እንዲቀር እንፈልጋለን። አክስቴ ሳታውቀው የቋንጣ ሥራ ጀምራ በመጥበሻ ጨረሰችው።

ሁለተኛው ቅመም ነው። እዚህ ላይ አጎቴን በቀጥታ መቃወም ግድ ይለኛል። «ቅመሙ አልገባውም» አለ። አጎቴ፣ ቅመም አይገባም! ድሮም አይገባም። ሥጋ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። የበርበሬ፣ የነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠልና የቁንዶ በርበሬ ጣዕም ደግሞ በአብዛኛው በዘይትና በቅቤ እንጂ በውሃ አይሟሟም። ሌሊቱን ሙሉ ቢያድር እንኳ ከላይኛው ጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም።

ይህን በወሬ አላመንኩም፤ ቤቴ ሞከርኩት። 1 ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ሁለት ቦታ ከፈልኩት። አንዱን ግማሽ ኪሎ በአክስቴ ልክ ለውሼ አሳደርኩት። ሌላውን 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ብቻ አድርጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩት። ጠዋት ከመጀመሪያው አንድ ቁራጭ አወጣሁና ከመሀሉ ለሁለት ቆረጥኩት። ቀዩ ቀለም ጠርዙ ላይ እንደ ክር ቀጭን መስመር ሆኖ ቆሟል። መሀሉ ገና ከሉካንዳ እንደመጣ ነው። 4 ማንኪያ አዋዜ ይሁን 8፣ ያቺ ክር አትወፍርም። የሚወፍረው ከውጭ ያለው ጭቃ ነው። እሱ ደግሞ መጥበሻው ላይ ከሥጋው ቀድሞ ያራል።

ስለዚህ ቅመም የሚሸፍነው ገጹን ነው፤ የሚለካውም በገጹ ነው። አንድ ቀላል ስሌት እዩ። 1 ኪሎ ሥጋ ሳይቆረጥ፣ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጡብ ነው እንበል። የገጹ ስፋት 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህንኑ ሥጋ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ብትቆርጡት 125 ቁራጭ ይወጣችኋል፤ የሁሉም ገጽ ሲደመር 3,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ኪሎው ያው ነው፤ ገጹ ግን 5 እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ለሙሉ ሙዳ ሥጋ የሚበቃው ቅመም ለጥብስ ቁራጭ ያንሳል፤ ለጥብስ ቁራጭ የሚበቃው ለሙሉ ሙዳ ከመጠን በላይ ነው። «ለ1 ኪሎ ይህን ያህል ቅመም» የሚል ሰው መጀመሪያ አቆራረጡን ይንገረን። ክትፎ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ሥጋው ደቆ ውስጥና ውጭ የለውም፤ ሚጥሚጣውም በቅቤ ሟሙቶ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ክትፎ ሚጥሚጣ «ገባው» ቢባል እውነት ነው። ጥብስ ግን ክትፎ አይደለም።

«ዶሮ ወጥ ላይስ ስንትና ስንት ማንኪያ በርበሬ ይገባ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይገባል። ግን በርበሬው የገባው ለዶሮው አይደለም፤ ለወጡ ነው። በሽንኩርቱ ውሃና በቅቤው ውስጥ ሰዓታት ይንተከተካል። ውሃ እስካለ ድረስ ድስቱ ከውሃ መፍያ ሙቀት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በርበሬው ይበስላል እንጂ አያርም። ደረቅ መጥበሻ ግን ከዚያ በጣም ይግላል። እዚያ ላይ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በደቂቃዎች ውስጥ ጠቁረው ይመራሉ። ምልክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ መጀመሪያ ጉሮሮ የሚይዝ ጭስ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ መስኮት መክፈት። በዚያ ሰዓት ቅመሙ አንሶ ሳይሆን በዝቶ ነው።

ሦስተኛው ሎሚ ነው። ወይኑንም እዚሁ ላይ ቁጠሩት፤ ሁለቱም ኮምጣጣ ናቸው። «ሎሚ ሥጋ ያለሰልሳል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ትንሽ ኮምጣጣ ነገር የሥጋውን ፕሮቲን ውሃ የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ወደ ሆነበት ደረጃ ያወርደዋል፤ ያኔ ሥጋው ጭማቂውን ይለቃል። በጣም ሲበዛና ሰዓት ሲረዝም ደግሞ ላዩ ይላላና ይልሞሰሞሳል። ውስጡ ግን እንደነበረው ነው። ውጤቱ ላዩ እንደ ገንፎ፣ ውስጡ እንደ ጎማ የሆነ ሥጋ ነው። ምልክቱ ከመጥበሻው በፊት ይታያል። የሥጋው ላይ ቀይነቱን ትቶ የተቀቀለ መስሎ ሲነጣ ካያችሁ፣ ሎሚው ከሰዓቱ አልፏል። ዝንጅብልም እንዲሁ ነው። ጥሬ ዝንጅብል ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም ስላለው ሌሊት ሲያድር ላዩን ያፈርሰዋል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ፈሳሹ ራሱ ነው። ሥጋ ቡናማ ሆኖ ያንን የጥብስ ሽታ የሚያመጣው ገጹ ከ140 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ነው። ላዩ ርጥብ እስከሆነ ድረስ እዚያ አይደርስም፤ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ እሳቱን ሁሉ ይበላዋል። የ5 ሎሚ ጭማቂና ግማሽ ብርጭቆ ወይን ሥጋ ላይ አፍስሶ «ለምን አልተጠበሰም?» ማለት ልብስ በውሃ ነክሮ ለምን አልደረቀም እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ እናቶቻችንን የሚጠቅስ ይመጣል። «ዶሮን በሎሚና በጨው ዘፍዝፈው አይደል ያሳደጉን?» አዎ፣ ግን ምን እንዳደረጉ በደንብ እንይ። ሎሚውን በብዙ ውሃ አቅጥነው ነው የሚዘፈዝፉት፤ ደጋግመው ያለቀልቁታል፤ ከዚያ ዶሮው ወጥ ውስጥ ገብቶ ቀስ ብሎ ይበስላል። ያ ሎሚ ለማጠቢያና ሽታ ለማጥፊያ ነው። ታጥቦ ይሄዳል። ንጹህ የሎሚ ጭማቂ ለሌሊት አላፈሰሱበትም፣ መጥበሻም ላይ አልጣሉትም። እናቶቻችን ልክ ነበራቸው። እኛ ሎሚውን ወስደን ልኩን ተውነው። በነገራችን ላይ ሎሚ ጀርም ይገድልልኛል ብላችሁ ዶሮ ጥሬነት እያለው የምታወጡ ካላችሁ ተዉ። ዶሮን ለመብላት አስተማማኝ የሚያደርገው እሳት ነው፤ መሀሉ 74 ዲግሪ ሲደርስ።

«እጄ ያውቃል» ለሚሉት ደግሞ አክብሮት አለኝ። 30 ዓመት በራሷ በርበሬ፣ በራሷ ማንኪያ፣ በራሷ ድስት የሠራች ሴት እጇ በእርግጥ ያውቃል፤ እጇ ሚዛን ሆኗል። ግን ያ እጅ የሚያውቀው የራሷን በርበሬ ነው። አክስቴ ሶያ ሶስና የሾርባ ኩብ ጋር የተዋወቀችው በቅርቡ ነው። እጇ አያውቃቸውም። አዲስ ነገር ሲመጣ እጅ ይሳሳታል፤ ማንኪያ ግን አይሳሳትም።

አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር፤ ይቅርታ፣ «ልጨምር» አልኩ። ቅመም መብዛቱ የሚጠቅመው ሰው አለ። ሥጋው የቆየበት ሻጭ። ትኩስ ሥጋ በጨውና በቅቤ ብቻ ጣዕሙን ይናገራል። የሰነበተ ሥጋ ግን እንዲናገር አይፈለግም፤ ስለዚህ አፉ በአዋዜ ይታፈናል። ተለውሶ ያደረ፣ ቀለሙም ሽታውም የማይለይ ሥጋ በኪሎ ሲሸጥላችሁ «ጥሬውን አሳዩኝ» በሉ። ካላሳዩ መልሱን አግኝታችኋል።

አሁን እኔን «ታዲያ አንቺ እንዴት ትሠሪዋለሽ?» በሉኝ። ተቃውሞ ብቻ ጽፎ መሄድ የእኛ ትውልድ ችግር ነው ይባል የለ?

1 ኪሎ ሥጋ፣ በ2 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ። 2 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው እነሰንስበትና አሽቼ ከ1 ሰዓት እስከ አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በመጨረሻ አዋዜ የማደርግ ከሆነ ጨው ስላለበት 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ይበቃኛል። ከመጥበሴ በፊት ሥጋውን በንጹህ ጨርቅ ወይም በሶፍት አደርቀዋለሁ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሽቼ፣ በጣም በጋለ መጥበሻ ላይ በ3 ዙር እጠብሰዋለሁ። መጥበሻው ከሞላ ውሃ ይለቃል። ሥጋው ቡናማ ከሆነ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ መልሼ ሽንኩርቱን፣ 3 ፍሬ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠልና ቅቤውን እጨምራለሁ። ልክ ሊወርድ ሲል 1 የሾርባ ማንኪያ አዋዜ። ሎሚው ገበታ ላይ ነው፤ የፈለገ ይጭመቅ። ያኔ ሁሉም ነገር በቦታው ነው፦ ጨው ውስጥ፣ ቅመም ላይ፣ ሎሚ መጨረሻ።

ለዚህ ልክ ወሰን አለው፤ አልደብቅም። አጥንት ያለው ሥጋ ከሆነ የአጥንቱን ክብደት ቀንሱና ጨው አስሉ። የበግ ሥጋ ሽታው ያስቸገራችሁ የጥብስ ቅጠሉን ብታበዙ አልቃወምም። ጨው የተከለከለ ሰው ያለበት ቤት በኪሎ 5 ግራም ላይ ቆሞ ገበታ ላይ ሎሚና ቃሪያ ማቅረብ ይችላል። እዚያ ሎሚ በእርግጥ ሥራ ይሠራል።

ያንን ጨው ብቻ ያገኘ ግማሽ ኪሎ እንዲህ ጠብሼ ለአጎቴ ወሰድኩለት። በላ፣ ዝም አለ፣ ደገመ። ከዚያ አክስቴን ዞር ብሎ አያትና «አየሽ፣ ቅመም ሲበዛበት እንዲህ ይገባዋል» አላት።

አክስቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን። ምንም አልጨመርንበትም።